አጥፍቶ ማየት ምርመራ አይደለም

አዲስ አንቲቫይረስ በተጫነ ማግስት ኢንተርኔት ከጠፋ በዚህ ከተማ የሚሰጠው ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «አጥፊውና ሞክሪ።» መካሪው የሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ ሊሆን ይችላል፣ የቢሮ አይቲ ሊሆን ይችላል፣ የአክስት ልጅም ሊሆን ይችላል፤ ምክሩ ግን አይለወጥም። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ «አላልኩሽም?» ይባልና አንቲቫይረሱ እንደጠፋ ይቀራል። ካልተመለሰ ደግሞ ቀጣዩ ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» ነው። በሁለቱ መሀል ሌላ መንገድ ያለ እንኳ አይመስልም።

እኔ መንገድ አለ ባይ ነኝ። እንዲያውም አጥፍቶ ማየት ምርመራ ተብሎ መጠራቱ ራሱ ያናድደኛል። ምርመራ ማለት እኮ መልስ የሚሰጥ ነገር ነው። ይሄ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ፣ በር ከፍቶ የሚሄድ ነገር ነው።

መልሱ ለምን እንደሚሳሳት ልንገራችሁ። አንቲቫይረስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከሰዓቱ አጠገብ የምትቀመጠውን ትንሿን ምልክት ነው። እሷን በቀኝ ክሊክ ተጭነን Disable ስንል ፕሮግራሙ በሙሉ የሄደ ይመስለናል። የፋየርዎሉ ዋና ሥራ የሚሠራው ግን እዚያ አይደለም፤ ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ ኔትወርክ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ ዘርግቶ በተቀመጠው ክፍል ነው። ምልክቷን ስታጠፉ ጠባቂው ይተኛል እንጂ ኬላው ከመንገዱ አይነሳም። አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ሲጫን የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ቅንብር ይቀይራል፤ እሱ ቢጠፋ፣ ቢነቀልም እንኳ የቀየረው ነገር እንዳለ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «አጥፍቼው አልሠራም፣ እሱ አይደለም» ማለት አያስኬድም። ሠራ ብንል እንኳ ያወቅነው ነገር ትንሽ ነው። የዛሬ የጥበቃ ሶፍትዌር ፋየርዎል፣ የድረ ገጽ ቁጥጥር፣ የኢሜይል ቁጥጥር፣ የፋይል ጥበቃ... የብዙ ነገር ጥቅል ነው። ከነዚህ አንዱ አጥፍቶ ሁሉም ይባረራል።

በር ይከፍታል ያልኩትም ማጋነን አይደለም። በነሐሴ 2003 (እ.ኤ.አ.) ብላስተር የተባለው ትል ዊንዶውስ ኤክስፒና 2000 ያላቸውን ኮምፒውተሮች ሲያጠቃ ባለቤቶቹ ምንም ነገር መክፈት አልነበረባቸውም፤ ያልታደሰ ኮምፒውተር ይዞ ኢንተርኔት ላይ መገኘት ብቻ ይበቃ ነበር። ኤክስፒ ያኔም የራሱ ፋየርዎል ነበረው፤ ግን በነባሪነት የጠፋ ነበር። ማይክሮሶፍት በነባሪነት እንዲበራ ያደረገው በቀጣዩ ዓመት፣ በ2004 በወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የተሻገረውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ያልታደሰ ዊንዶውስና ክፍት በር። እውነቱን ለመናገር፣ የታደሰ ዊንዶውስ ይዞ ቤት ውስጥ ከራውተር ኋላ ሆኖ ፋየርዎልን አሥር ደቂቃ ማጥፋት ዓለም አያጠፋም። ችግሩ አሥሩ ደቂቃ አሥር ወር መሆኑ ነው። ካፌ ዋይፋይ ላይ ወይም ብዙ ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ውስጥ ከሆነ ደግሞ አሥሩ ደቂቃም ብዙ ነው።

ሰው ኢንተርኔቱን ለመመለስ ሲል ጥበቃውን እንዴት እንደሚጥል በደንብ የታየው በሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዳን ካሚንስኪ የተባለው የደኅንነት ተመራማሪ በዲኤንኤስ አሠራር ላይ ከባድ ቀዳዳ አግኝቶ ነበር። ዲኤንኤስ ማለት ብራውዘር ላይ የምንጽፈውን የድረ ገጽ ስም ኮምፒውተሩ ወደሚያውቀው ቁጥር የሚቀይርልን አገልግሎት ነው። ቀዳዳው አጥቂው ትክክለኛውን የባንክ ስም የጻፈን ሰው ወደ ሐሰተኛ ገጽ እንዲወስደው ያስችል ነበር። ማይክሮሶፍት ሐምሌ 8 መጠገኛውን KB951748 ብሎ አወጣ። ያኔ በጣም ይወደድ የነበረውን ዞንአላርም ፋየርዎል የጫኑ ሰዎች መጠገኛው በገባ ሰዓት ኢንተርኔታቸው ተቋረጠ፤ መጠገኛው ዲኤንኤስ የሚጠይቅበትን መንገድ ስለቀየረ ፋየርዎሉ አልተስማማውም ነበር። ብዙ ሰው ምን አደረገ? መጠገኛውን ነቀለው። ኢንተርኔቱም ተመለሰ። የዞንአላርም ሰዎች ራሳቸው ካቀረቧቸው ጊዜያዊ መፍትሔዎች አንዱ ይሄው ነበር። የቀዳዳው ዝርዝር በዚያው ወር ሾልኮ ወጣ። የተስተካከለው ዞንአላርም በቀናት ውስጥ ደርሷል፤ ግን አንዴ ኢንተርኔቱ የተመለሰለት ሰው የነቀለውን መልሶ ለመጫን ምን ያስቸኩለዋል?

ልብ በሉ፣ እዚያ የተበላሸው ኢንተርኔቱ ሁሉ አልነበረም። ስም ወደ ቁጥር የሚቀየርበት አንዲት ቦታ ናት። የኔም ሙግት ይሄ ነው፦ አንድም ነገር ሳናጠፋ፣ መንገዱ የተቆረጠው የት ላይ እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ እንችላለን። አምስት ትእዛዝ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አምስቱም ይጠይቃሉ እንጂ ምንም አይቀይሩም።

በአንዲት ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ የሆነውን ላሳያችሁ። ጓደኛዬ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮት የመጣ የሙከራ አንቲቫይረስ ነበር፤ ጊዜው ሲያልቅ አንድ ሱቅ ወስዳ እሱን አስነቀለችና ሌላ አስጫነች። ቤት ስትደርስ ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። በማግስቱ ሱቁ አዲሱን አንቲቫይረስ አጠፋው፤ አልሠራም። ነቀለው፤ አልሠራም። «እህቴ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ነው» ተባለች። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የሁለት ዓመት የደንበኞች ሂሳብ አለ፤ ባክአፕ የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ ስልኳን አነሳን፤ የሞባይል ዳታውን አጥፍተን (ይሄን የሚረሳ ሰው ስልኩ ያታልለዋል) በዚያው ዋይፋይ አንድ ገጽ ከፈትን። ተከፈተ። ስለዚህ ቴሌም ራውተሩም ደኅና ናቸው፤ ነገሩ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ከዚያ ጥቁሯን የትእዛዝ መስኮት ከፈትን። ዊንዶውስ ላይ cmd ብላችሁ ስትፈልጉ የምትመጣው ናት።

```
ipconfig /all
ping 192.168.1.1
ping 8.8.8.8
nslookup example.com
nslookup example.com 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ መቀበል አለመቀበሉን ይነግራል። የሷ 192.168.1.7 ይል ነበር፤ ጥሩ ነው። በ169.254 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ከራውተሩ ጋር እንኳ አልተነጋገረም ማለት ነበር። Default Gateway የሚለው መስመር 192.168.1.1 ይላል፤ እሱ ራውተሩ ነው፤ የናንተ ሌላ ቁጥር ከሆነ በሁለተኛው ትእዛዝ ላይ የናንተን አስገቡ። ሁለተኛው ራውተሩን ይጣራል፤ አራት ጊዜ ጠርተን አራቴ መለሰ። ሦስተኛው ከቤት ውጭ፣ ከአገር ውጭ ያለ የጎግል አድራሻ ይጣራል፤ እሱም መለሰ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። «ኢንተርኔት የለም» የተባለው፣ ፎርማት የተፈረደበት ላፕቶፕ ከውጭ መልስ እየተቀበለ ነው! መንገዱ ክፍት ነው፤ ሰፈሩን የሚያሳይ ሰው ነው የጠፋው።

አራተኛው ትእዛዝ ይህንኑ አረጋገጠ። example.com የሚለውን ስም ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ሲባል ላፕቶፑ የጠየቀው 127.0.0.1 የሚል አድራሻ ነበር፤ መልስም አላገኘም። 127.0.0.1 ማለት «ራሴ» ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ስሙን ራሱን እየጠየቀ፣ ራሱ ዝም እያለ ነበር። አምስተኛው ትእዛዝ ያንኑ ስም በቀጥታ 8.8.8.8ን ጠየቀ፤ ቁጥሩ ወዲያው መጣ።

ለምን ራሱን ይጠይቃል? ወደ ipconfig /all ተመልሰን DNS Servers የሚለውን መስመር ስናይ ያው 127.0.0.1 ተጽፏል። አንዳንድ የጥበቃ ፕሮግራም የምትሄዱበትን ገጽ ለመቆጣጠር ስም መጠየቁን በራሱ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ለዚህም ያን ቁጥር ያስገባል። ፕሮግራሙ እየሠራ እያለ ችግር የለውም። ያ የሙከራ አንቲቫይረስ ሲነቀል ግን የሚመልሰው ፕሮግራም ሄደ፣ ቁጥሩ ቀረ። አዲሱ አንቲቫይረስ፣ ያ ሁለት ቀን ሙሉ ሲወቀስ የከረመው ምስኪን፣ እጁ የለበትም። ጥፋተኛው ከሦስት ቀን በፊት ቤቱን ለቆ የሄደው ተከራይ ነው። አዲሱን መቶ ጊዜ ቢያጠፉት ይህን ሊነግራቸው አይችልም ነበር።

መፍትሔው ከSettings ወደ Network & internet ገብቶ፣ የዋይፋዩን Hardware properties ከፍቶ፣ DNS server assignment የሚለውን ወደ Automatic (DHCP) መመለስ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ፈጀ። ፎርማት የለ፣ የጠፋ ሂሳብ የለ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ያን ቁጥር ያስገባው አሁን እየሠራ ያለ ፕሮግራም ከሆነ እሱን ሳታውቁ አትንኩት፤ የቢሮ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ የቢሮው አይቲ ሥራ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ፒንግ አለመመለሱ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ፒንግን ሆን ብለው የሚዘጉ ቢሮዎችና ፋየርዎሎች ብዙ ናቸው። መመለሱ ግን ማስረጃ ነው። አምስቱም ሠርተው ብራውዘሩ ብቻ እንቢ ካለ ብራውዘሩ የሚጽፈውን አንብቡ፤ ማንም አያነበውም እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ክሮም ERR_NETWORK_ACCESS_DENIED ካለ ፋየርዎሉ ወይም አንቲቫይረሱ ክሮምን እንዳያልፍ ከልክሎት ሊሆን ይችላል፤ በፕሮግራሙ የተፈቀዱ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ERR_CERT_AUTHORITY_INVALID ካለ ደግሞ ምናልባት አንቲቫይረሱ የተቆለፈውን ግንኙነት ለመፈተሽ ሲል መሀል ገብቶ፣ ብራውዘሩ የማያውቀውን የራሱን መታወቂያ እያሳየ ነው። የምስክር ወረቀቱን ከፍታችሁ Issued By የሚለው ቦታ ላይ የአንቲቫይረሱ ስም ካለ እሱ ነው። ከሌለ ግን ሌላ ሰው መሀል ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ማስጠንቀቂያውን ዘላችሁ የይለፍ ቃል አታስገቡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ማጥፋት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንግዲያው በወግ ይጥፋ። ቤት ሁኑ፤ ካፌ አይሁን። የipconfig /all ውጤቱን በስልክ ፎቶ አንሱት። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች «ለ10 ደቂቃ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ «ለዘላለም» የሚለውን አትንኩ። ሁሉንም ሳይሆን አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ ፋየርዎሉን ብቻ፣ አጥፉ። ከዚያ Windows Security ከፍታችሁ Firewall & network protection ላይ የዊንዶውሱ የራሱ ፋየርዎል መብራቱን እዩ፤ ሌላ ፋየርዎል ሲጫን ለሱ ቦታ ለቆ ሊሆን ስለሚችል በራሱ ይመለሳል ብላችሁ አትተማመኑ። የምታውቁትን አንድ ገጽ ብቻ ክፈቱ። ከሠራ አልጨረሳችሁም፤ መልሳችሁ አብሩት። ችግሩ ተመልሶ ከመጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካበራችሁትም በኋላ ከሠራ ግን መጀመሪያውኑ ኔትወርኩ ለአፍታ ሄዶ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እኛ አገር ይሄ መቼም ብርቅ አይደለም። የሱቁ ልጆች ይህቺን መልሶ የማብራት ነገር አድርገዋት አያውቁም፤ ብዙ ንጹሕ አንቲቫይረስ የተባረረው በዚህ ነው።

መንቀል ካስፈለገ መጀመሪያ የፕሮግራሙን መጫኛና የማስወገጃ መሣሪያውን ከአምራቹ ገጽ በሌላ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ውሰዱ፤ ኢንተርኔት ከሌለው ላፕቶፕ ላይ ልታወርዱት አትችሉማ። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ፣ ከዚያ Restart። Shut down አላልኩም! ብዙ ኮምፒውተር ላይ Shut down ማለት የዊንዶውሱን እምብርት እንዳለ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነገ መልሶ መጫን ነው፤ ፋስት ስታርትአፕ ይሉታል፤ የተነቀለው ፋየርዎል ኬላ አብሮ ሊቀመጥ ይችላል። Restart ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ያነሳል። የዊንዶውሱ ፋየርዎል መብራቱን ሳታዩ ዋይፋዩን አትመልሱ። በየቦታው የሚመከረው netsh winsock reset የመጨረሻው ነው፤ ያለ ልክ ተሞገሰ እንጂ የጓደኛዬን ላፕቶፕ ለምሳሌ አያድነውም ነበር፤ የዲኤንኤሱን ቁጥር አይነካውምና።

ኢንተርኔቱ ተመልሶ አንቲቫይረሱም ሲበራ እውነት እየሠራ መሆኑን ማየት ትፈልጉ ይሆናል። ቫይረስ ያለበትን የጓደኛ ፍላሽ ሰክቶ የሚሞክር ሰው አውቃለሁ፤ አታድርጉት። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ፣ አይካር የሚባል የሙከራ ፋይል eicar.org ላይ አለ። 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም፤ የአንቲቫይረስ አምራቾች ግን ልክ እንደ ቫይረስ ሊጮሁበት ተስማምተዋል። አውርዳችሁት ካልጮኸ ጥበቃው ተኝቷል። ከጮኸ ነቅቷል ማለት ነው፤ የጥራቱን ነገር ግን አይነግራችሁም፣ ስለ ፋየርዎሉም ምንም አይልም። 68ቱን ምልክቶች እዚህ ልጽፋቸው አስቤ ነበር፤ የአንዳንዶቻችሁ አንቲቫይረስ ይህን ገጽ እንዳይዘጋባችሁ ብዬ ተውኩት።